ላክቶሜትሩ 26 ሲል፦ ውሃ የገባበትን ወተት ስለመለየት የአንዲት ወተት ሻጭ ጉዳይ

ጉዳዩ የደብረ ብርሃን ነው። አንዲት ወተት ሻጭ ከ5 አስረካቢዎች በየጠዋቱ 40 ሊትር ያህል ትቀበላለች። አብዛኛውን ጥሬውን ለሰፈር ቤቶችና ለአንድ ሻይ ቤት ታከፋፍላለች፣ የተረፈውን እርጎ ታደርገዋለች። ጥርጣሬው የተነሳው ከሁለት አቅጣጫ ነው፤ እርጎው ላላ ብሎ አጓት ይለቅ ጀመር፣ ሻይ ቤቱ ደግሞ ወተቱ ለማኪያቶ አረፋ አልይዝ አለ። ሁለቱም ምልክቶች ውሃን ብቻ አያመለክቱም። በደብረ ብርሃን ብርድ እርሾው ስላልሠራ ብቻ እርጎ ሊላላ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነበር፤ በእርግጥ ውሃ ገብቷል ወይ፣ ገብቶ ከሆነስ በማን ጀሪካን?

መጀመሪያ የሞከረችው ብዙ ሰው የሚያውቀውን የጠብታ ሙከራ ነው። ለስላሳ ሰሃን ወይም መስታወት ዘንበል ተደርጎ አንድ ጠብታ ይንጠባጠብበታል። ያልተነካ ወተት ቀስ ብሎ ይወርድና ነጭ መስመር ይተዋል፣ ውሃ የበዛበት ግን ፈጥኖ ይሮጥና መስመሩ ይሳሳል። የአምስቱንም ወተት ሞከረች፣ ሁሉም ነጭ መስመር ተወ። ይህ የሚያስገርም አይደለም። የጠብታው ሩጫ የሚወሰነው በውሃው ብቻ ሳይሆን በወተቱ ሙቀት፣ በሰሃኑ ቅባትና በዘንበልታው ጭምር ነው። ቀዝቃዛ ወተት ወፍራም ስለሚሆን ትንሽ ውሃ ቢገባበት እንኳ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ይህ ሙከራ የሚያገለግለው የወተቱ ሩብ ያህል ውሃ ሲሆን፣ ያውም ንጹሕነቱ የታወቀ ወተት ጎን ለጎን ጠብ ተደርጎ ሲነጻጸር ነው። ከ10 ሊትር 1 ሊትር ውሃ ለጨመረ ሰው ከለላ ከመሆን አያልፍም። በጥፍር ላይ ጠብ አድርጎ ማየትም እንዲሁ ነው።

ወተቱ ሲፈላ አለመቆራረጡ ወይም የአልኮል ምርመራ ማለፉም ስለ ውሃ ምንም አይናገርም። እነዚህ የሚያሳዩት ወተቱ መኮምጠጥ መጀመር አለመጀመሩን ነው።

ቀጣዩ ላክቶሜትር ነበር። የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። 1 ሊትር ውሃ 1,000 ግራም ያህል ሲመዝን 1 ሊትር ወተት 1,030 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ላክቶሜትሩ ተንሳፋፊ የመስታወት ዘንግ ሲሆን ከ1,000 በላይ ያለውን ትርፍ ብቻ ያነባል፤ 30 ካለ 1,030 ማለቱ ነው። ውሃ ሲጨመር ወተቱ ይቀልና ዘንጉ ጠልቆ ይሰምጣል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ያልተነካ የላም ወተት በ20 ዲግሪ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ26 እስከ 32 ባለው ውስጥ ይገኛል።

ከላክቶሜትሩ ጋር ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ቴርሞሜትርና 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ረጅም ብርጭቆ። ብርጭቆው ዘንጉ ግድግዳውን ሳይነካ እንዲንሳፈፍ የሚያስችል ስፋት ይኑረው። የእሷ ላክቶሜትር አንገቱ ላይ 20 ዲግሪ ተብሎ ተጽፎበታል። በ15 ዲግሪ የተሠሩም አሉ፣ ስለዚህ ከመግዛት በፊት ማንበብ ነው። እንዲሁም ርካሽ ላክቶሜትር ከፋብሪካው ተዛብቶ ሊመጣ ስለሚችል መጀመሪያ ራሱ መፈተሽ አለበት። በንጹሕ ውሃ ለመፈተሽ የሚሞክሩ አሉ፣ ነገር ግን የብዙዎቹ ቁጥር ከ15 ስለሚጀምር ውሃ ውስጥ ጠልቀው ይቀራሉ። የሚሻለው የጨው ውሃ ነው። 45 ግራም ደረቅ የገበታ ጨው በ955 ግራም ውሃ ሲሟሟና 20 ዲግሪ ላይ ሲደርስ፣ 20 ዲግሪ የተጻፈበት ላክቶሜትር 30 ማንበብ አለበት። የእሷ 30 ላይ ቆመ። ጨው እርጥበት ከያዘ ግን ቁጥሩ ዝቅ ስለሚል መጀመሪያ ምጣድ ላይ ሞቅ አድርጎ ማድረቅ ነው።

አነባበቡ ላይ የምትከተለው ሥርዓት ይህ ነው። ወተቱን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ሦስት አራት ጊዜ ቀስ ብላ ታገላብጣለች፤ ስልባቦቱ ላይ ላዩን ከቀረ ናሙናው ወተቱን አይወክልም። ጀሪካኑን መናጥ ግን አይሆንም፣ አየር ይገባበትና ቁጥሩ ይወርዳል። ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋ በግድግዳው በኩል ታፈስሳለች፣ አረፋ ካለ ትጠርጋለች። ላክቶሜትሩን ወደ 30 ቁጥር አካባቢ ዝቅ አድርጋ ትለቀውና ወዲያ ወዲህ ማለቱን እስኪያቆም ግማሽ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ከዚያ ዓይኗን ከወተቱ ደረጃ እኩል አድርጋ፣ ወተቱ ዘንጉን ተጠግቶ ከፍ ያለበትን ጫፍ ታነባለች። ወዲያው ሙቀቱን ትለካለች። 20 ዲግሪ በተጻፈበት ላክቶሜትር ከ20 በላይ ለያንዳንዱ ዲግሪ 0.2 ይደመራል፣ ከ20 በታች ለያንዳንዱ 0.2 ይቀነሳል። ዘንጉ በለብታ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ካልደረቀ የተጣበቀበት ቅባት ቁጥሩን ያዛባል።

በመጀመሪያው ጠዋት ያገኘችው የሚያስደነግጥ ነበር፣ ግን ያስጠረጠረው ያልበደለውን ሰው ነው። ቤቱ ቅርብ የሆነ አንድ ወጣት አስረካቢ እንደታለበ ይዞ የመጣው ወተት 25 አነበበ። ሙቀቱ 31 ዲግሪ ነበር። በማረሚያው 11 ዲግሪ በ0.2 ሲባዛ 2.2 ነው፤ ንባቡ 27.2 ይሆናል። አሁንም ከሌሎቹ ያንሳል። ውሃ ጨምረሃል ለማለት ግን ጊዜው አልነበረም። ማረሚያው የሚታመነው ከ20 ዲግሪ ብዙም ላልራቀ፣ በግምት ከ15 እስከ 25 ላለ ወተት ነው። ከዚህም ሌላ አዲስ የታለበ ወተት የራሱ ጠባይ አለው፤ ውስጡ ጥቃቅን የአየር አረፋ አለ፣ ቅባቱም ገና አልረጋም፣ ሁለቱም ያቀልሉታል። ናሙናው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ከ3 ሰዓት በኋላ በ20 ዲግሪ ሲለካ 29.5 ሆነ። ልጁ ንጹሕ ነው። ለመቸኮል ብሎ ገና ትኩስ ወተት መለካት በዚህ ሥራ ላይ ሐቀኛን ሰው የሚያስወነጅል ዋናው ስሕተት ነው።

ከዚያ በኋላ የአምስቱም ወተት እኩል ቀዝቅዞ ተለካ። አራቱ 29፣ 29.5፣ 30 እና 31 መጡ። አምስተኛው፣ ባለ ሁለት ላሙ ገበሬ፣ በ21 ዲግሪ 26 አነበበ፤ ሲታረም 26.2። በሚቀጥሉት ሁለት ቀናትም 26.4 እና 26.1 መጣ።

እዚህ ላይ ብዙ ሻጭ ይሳሳታል። 26.2 ከ26 በላይ ስለሆነ በመደበኛው ክልል ውስጥ ነው፣ ማለፍ አለበት ብሎ ይቀበላል። ነገር ግን ክልሉ ሰፊ የሆነው የላም ወተት ከላም ላም፣ ከመኖ መኖ ስለሚለያይ ነው። ወተቷ በተፈጥሮው 31 የሚያነብ ላም ያለችው ሰው በ100 ሊትር ውስጥ 15 ሊትር ውሃ ቢጨምር ከ26 በታች አይወርድም። በሌላ በኩል ወተቷ በተፈጥሮዋ 27 የሆነች ላም ልትኖር ትችላለች፤ ባለቤቷ አንዲት ጠብታ ሳይጨምር ተጠርጣሪ ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩ የሚነጻጸረው ከዚያው በረት ወተት ጋር ነው። ወደ በረቱ ሄዶ ሲታለብ ማየት ይቀራል ማለት ነው።

ወተት ሻጯ ሄደች። የገበሬው ወተት የማታና የጠዋት ድብልቅ በመሆኑ ጠዋት ብቻ መሄድ አይበቃም፤ ማታም ጠዋትም ተገኘች። ሁለቱ ላሞች እስከ መጨረሻው ሲታለቡ ቆማ አየች። እስከ መጨረሻው የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። መጀመሪያ የሚወርደው ወተት ቅባቱ ትንሽ ነው፣ መጨረሻ የሚታለበው የበዛ ነው፤ ግማሽ ላይ የተወሰደ ናሙና ሌላ ቁጥር ይሰጣል። የማታው 3.1 ሊትር፣ የጠዋቱ 3.8 ሊትር ሆነ። በዚሁ መጠን ከማታው 310፣ ከጠዋቱ 380 ሚሊ ሊትር ወስዳ ቀላቀለች። ቀዝቅዞ በ22 ዲግሪ 30 አነበበ፣ ሲታረም 30.4።

ሒሳቡ አጭር ነው። ከበረቱ ቁጥር ላይ የመጣውን ቁጥር መቀነስ፣ ለበረቱ ቁጥር ማካፈል፣ በ100 ማባዛት። 30.4 ሲቀነስ 26.2 ልዩነቱ 4.2 ነው፤ ለ30.4 ሲካፈል ከ100 እጅ 14 ያህል። በየቀኑ ከሚያስረክበው 8 ሊትር ውስጥ 1.1 ሊትሩ ውሃ ነው ማለት ነው። ሌላም ማስረጃ አለ፤ ሁለቱ ላሞች በቀን የሰጡት 6.9 ሊትር ሲሆን ጀሪካኑ ግን 8 ሊትር ይዞ ይመጣ ነበር። ይህን ማንም ያለ መሣሪያ ማየት ይችላል፤ የበረቱን ምርት መጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ምርመራ ነው።

ለማረጋገጥ የበረቱን ወተት ራሷ በውሃ አቀጠነች። 225 ሚሊ ሊትር ወተት ላይ 25 ሚሊ ሊትር ውሃ ስትጨምር 27.4 አካባቢ፣ 212 ላይ 38 ስትጨምር 25.8 አካባቢ፣ 200 ላይ 50 ስትጨምር 24.3 አካባቢ አነበበ። ውሃው ከመድኃኒት ቤት በተገዛ ሲሪንጅ ተለካ፣ ሙቀቱም ከወተቱ ጋር እኩል እንዲሆን አብሮ እንዲቆይ ተደረገ። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ደብተሯ ላይ ጻፈች። ሒሳብ ለማይወድ ሻጭ ከቀመሩ ይልቅ ይህ ይቀላል፤ የሚመጣውን ቁጥር ከደብተሩ ጋር ማስተያየት ብቻ ነው።

ላክቶሜትር ለሌለው ሰው በሚዛንም ይቻላል፣ ጥንቃቄው ግን ይበዛል። አንገቱ ጠባብ የሆነ የ1 ሊትር የመስታወት ጠርሙስ እስከ አፉ በውሃ ተሞልቶ ይመዘናል፣ ከዚያ ደርቆ በዚያው ሙቀት ባለ ወተት ተሞልቶ ይመዘናል። ከሁለቱም የባዶው ጠርሙስ ክብደት ይቀነሳል። ውሃው 1,000 ግራም ከሆነ የዚህ በረት ወተት 1,030 ያህል መሆን አለበት። ከ100 እጅ 10 ውሃ ሲገባ የሚጎድለው 3 ግራም ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሚዛኑ 1 ግራም መለየት አለበት፣ አፉ ላይ የቀረ አረፋም ሒሳቡን ያበላሻል። የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲጨበጥ ስለሚሰረጉድ ለዚህ አይሆንም።

ገበሬው ሲጠየቅ መልሱ፣ «ልጄ፣ ጀሪካኑን ሳለቀልቅ የቀረ ውሃ ይሆናል» የሚል ነበር። ይህ መልስ ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። ጀሪካን ተለቅልቆ ካልተደፋ ሩብ ሊትር ውሃ ሊቀርበት ይችላል። በ8 ሊትር ውስጥ ሩብ ሊትር ከ100 እጅ 3 ያህል ሲሆን ንባቡን በ1 ቁጥር ያወርዳል። 4.2 ቁጥር ግን አያወርድም። «ጋሼ፣ የሚቀጥለውን ጀሪካን ደፍተው አምጡልኝ፣ እዚሁ ፊትዎ እለካዋለሁ» አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መለኪያው ከደጇ ላይ፣ አስረካቢዎቹ እያዩ ሆነ። ፊት ለፊት የተለካ ቁጥር ክርክር አያስነሳም።

በሳምንቱ ንባቡ ወደ 29 ወጣ፣ መጠኑም ወደ 7 ሊትር ወረደ። ከበረቱ ጋር የሚሄድ ነው። እርጎው ግን አሁንም እንደ ድሮው አልሆነም፤ አጓት መልቀቁ ቢቀንስም ስስ ነው፣ ላዩም ቅባት አይዝም።

29 ከ30.4 የሚያንሰው በ1.4 ብቻ ነው፤ ከቀን ቀን በመኖ ለውጥ ሊመጣ የሚችል ልዩነት። የላክቶሜትር ትልቁ ድክመት ያለው እዚህ ነው። ውሃ ወተትን ያቀላል፣ ስልባቦት መግፈፍ ደግሞ ወተትን ያከብደዋል፤ ምክንያቱም ቅባት ከውሃም የቀለለ ነው። ሙሉ በሙሉ ስልባቦቱ የተገፈፈ ወተት 35 አካባቢ ያነባል። ስለዚህ ገፍፎ ውሃ የሚጨምር ሰው ቁጥሩን መልሶ ቦታው ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። ስኳር፣ ጨውና ዱቄት መጨመርም ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። እንገር የተቀላቀለበትም ወተት እንዲሁ ከባድ ስለሚሆን ላሟ ከወለደች ከ5 ቀን በታች ከሆነ ንባቡ አይታመንም።

ዱቄቱን ማጣራት ቀላል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት ይፈላና በደንብ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ጠብታ የቁስል አዮዲን ይጨመርበታል። ዱቄት ካለ ሰማያዊ ይሆናል፣ ከሌለ ቡናማ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ሳይቀዘቅዝ ከተሞከረ ሰማያዊው አይታይም፣ ይህንን ብዙ ሰው ይዘነጋል። የተሞከረበት ወተትም ወዲያው ይደፋል። የገበሬው ቢጫ ሆኖ ቀረ፤ ዱቄት የለበትም።

የቀረው ስልባቦት ነው። በበረቱ ቀን ከወሰደችው ናሙና ቀጥ ባለ ጠባብ ጠርሙስ 180 ሚሊ ሜትር ከፍታ ሞልታ ሌሊቱን ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጣ ነበር፤ የደብረ ብርሃን ሌሊት ለዚህ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም። ጠዋት ላይ ከላይ የተለየው ቢጫ ንብርብር በማስመሪያ ሲለካ 22 ሚሊ ሜትር ነበር። አሁን 29 ያነበበውን ወተት በዚያው ጠርሙስ፣ በዚያው ቦታ፣ ለዚያው ሰዓት ያህል አስቀመጠች። 16 ሚሊ ሜትር ሆነ።

ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ላይ ሲነበቡ ነው ነገሩ የሚገለጠው። ውሃ ብቻ ቢሆን 1.4 ቁጥር መውረድ ከ100 እጅ 5 ያህል ውሃ ነው፣ ስልባቦቱም በዚያው ልክ ከ22 ወደ 21 ብቻ ነበር የሚወርደው። መግፈፍ ብቻ ቢሆን ስልባቦቱ ይወርዳል፣ የላክቶሜትሩ ቁጥር ግን ከ30.4 በላይ ይወጣል። ስልባቦቱ በጣም ወርዶ ቁጥሩም ዝቅ ካለ ሁለቱም ተደርገዋል። የተገፈፈው ቁጥሩን በ1 ያህል ከፍ አድርጎት ከነበረ፣ የተጨመረው ውሃ ከ100 እጅ 8 አካባቢ፣ ግማሽ ሊትር ያህል ነው።

ገበሬው የመግፈፉን ነገር አልካደም። የማታው ወተት ሲያድር ላዩ ላይ የሚሰፍረውን ለቤት ቅቤ ያነሱታል፣ እንደ ጥፋትም አያዩትም። ውሃውን ግን የጎደለውን መጠን ለመሙላት የጨመሩት መሆኑ ተጠርጥሮ ተነገራቸው። ስምምነቱም በዚህ ተቋጨ፤ የማታው ወተት በሌላ ጀሪካን ይመጣል፣ ከተገፈፈ ይነገራል፣ በዝቅተኛ ዋጋ ተወስዶ ለአይብ ይሆናል። የጠዋቱ ለብቻው ይለካል። የማታውን ከጠዋቱ መለየቱ ብቻውን ብዙ ነገር አቃለለ፣ ምክንያቱም ሌሊቱን አድሮ የሚመጣው ወተት ነው በቂ ጊዜ አግኝቶ የሚነካካው።

አሁን ለያንዳንዱ አስረካቢ የራሱ የበረት ቁጥር ደብተሩ ላይ አለ። ንባቡ ከዚያ ቁጥር በ1.5 ከወረደ በዕለቱ እንደገና ይለካል፣ ጀሪካኑም ይታያል። በ3 ከወረደ ወተቱ ይመለሳል። የስልባቦቱ ሙከራ ሌሊት ስለሚፈጅ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቀኑ ሳይነገር ይደረጋል። የበረቱ ቁጥር አዲስ ላም ስትገባ፣ አንዷ ስትነጥፍ ወይም መኖው ከድርቆሽ ወደ ለምለም ሣር ሲቀየር እንደገና ይወሰዳል። የሁለት ላም ወተት ከዐሥር ላም ድብልቅ ይልቅ ስለሚዋዥቅ ለትንሽ በረት የ1.5 ህዳጉን ማጥበብ አይበጅም።

ከ100 እጅ 5 በታች የሆነ ውሃን በዚህ ሁሉ መሣሪያ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም፤ የንባብ ስሕተቱና የላሟ የራሷ ልዩነት አንድ ላይ ያንን ያህል ይሆናሉ። ክርክሩ እዚያ ላይ ከደረሰ የሚፈርደው የበረዶ ነጥብ መለኪያ ነው። ወተት ከዜሮ በታች በግማሽ ዲግሪ ገደማ ይረጋል፣ ውሃ በገባበት መጠን ነጥቡ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ስልባቦት መግፈፍ ግን ስለማያንቀሳቅሰው የውሃውን ለብቻው ያሳያል። መሣሪያው ለትንሽ ሻጭ የሚገዛ አይደለም። የወተት ማቀነባበሪያ ድርጅቶች ቤተ ሙከራ ውስጥ ይገኛል፣ ናሙናውም የሚወሰደው ሁለቱም ወገኖች ባሉበት፣ ከበረቱና ከጀሪካኑ በተለያየ ንጹሕ ጠርሙስ፣ ቀዝቅዞና ታሽጎ ነው።